የወየበው ቅጠል የትኛው ነው?



በቆሎአችሁ ወይቦ ባያችሁት ጊዜ ዩሪያ ለመበተን አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ የወየበው የታችኛው ቅጠል ነው ወይስ የላይኛው ብላችሁ ተመልከቱ።

ናይትሮጅን የሚባለው ምግብ በተክሉ ውስጥ ከቅጠል ወደ ቅጠል ይዛወራል። ሲያንሰውም ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወይበው የታችኛው ነው። ቢጫው ከቅጠሉ ጫፍ ይነሣና በመካከለኛው ጅማት በኩል እንደ ሽብልቅ ሆኖ ወደ አገዳው ይወርዳል፤ ዳርና ዳሩ ግን ለጊዜው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ የታችኛው ቅጠል ዳሩ ወይቦ እንደ ተቃጠለ ቢደርቅና መካከሉ አረንጓዴ ቢሆን፣ የጎደለው ፖታሲየም ሊሆን ይችላል። ድኝ ደግሞ በቀላሉ አይዛወርም። እርሱ ሲጎድል የላይኛው ለጋ ቅጠል ይገረጣል፤ ለዚህም ዩሪያ መድኃኒት አይሆነውም፤ በዩሪያ ውስጥ ድኝ የለምና።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ አንድ ገበሬ ጠርተውኝ ሄድሁ። በቆሎአቸው ጉልበት ደርሷል፤ ሩብ ሄክታር የሚሆነው ግን ወይቧል። ዩሪያውን ገዝተው ለመበተን ተዘጋጅተው ነበር። ቅጠሉን ስናይ ከታች ጀምሮ በሽብልቅ መልክ ቢጫ ሆኗል፤ ስለዚህ የጎደለው ናይትሮጅን ነው። ነገር ግን የወየበው በረባዳው በኩል ያለው ብቻ ነበር። በዶማ አንድ ክንድ ብንቆፍር ጉድጓዱ ውሃ አቆረ፤ ሥሩም ጠቁሮ ይሸታል። ውሃ የተኛበት ሥር ምግብ መሳብ አይችልም፤ እንዲህ ባለው መሬት የተበተነ ዩሪያም የሚበዛው ይባክናል።

ስለዚህ አስቀድመው ቦይ ቀደው ውሃውን አፈሰሱ። አፈሩ ሲጠነፍፍ 25 ኪሎ ዩሪያ ከአገዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቀው በመስመር አደረጉና አፈር አለበሱት። በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ የወጣው ቅጠል ጥቁር አረንጓዴ ሆነ።

ፈውሱን የምታውቁት በአዲሱ ቅጠል ነው፤ ፈጽሞ የወየበው አሮጌ ቅጠል ተመልሶ አይለመልምምና። በቆሎው አብቦ ፍሬው ሲሞላ አንድ ሁለት የታችኛው ቅጠል ቢደርቅ ግን የዕድሜ ነገር ስለሆነ አያስደንግጣችሁ።

እንግዲህ ነገ ማሳችሁ ስትገቡ ከለመለመው በኩል አንድ ተክል፣ ከወየበው በኩል አንድ ተክል ከነሥሩ ነቅላችሁ ጎን ለጎን አስተያዩ። ዩሪያውን የምትከፍቱት ከዚያ በኋላ ይሁን።