ክፍል ከመከራየታችን በፊት ፀሐይዋን እንለካ
(በማኅበሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ ስለ ሒሳብ መዝገብ አልናገርም፤ ነገሩ ግን ከሒሳብ ብዙም አልራቀም። እንደምታውቁት ለስፌት ቡድናችን እዚሁ አዲስ አበባ ሁለት ክፍሎች ቀርበውልናል። አንደኛው በወር 500 ብር ይረክሳል። ሁለቱም አከራዮች የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ስለሚጠይቁ፣ አንዴ ከፈረምን መመለሻ የለንም። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የሚሰፉ እህቶቻችን ቀኑን ሙሉ አምፖል ሥር ይዋሉ ወይስ በፀሐይ ብርሃን ይሥሩ የሚለውን የሚወስነው መስኮቱ ነው። ስለዚህ ሜትርና ነጭ ወረቀት ይዤ ሁለቱንም አየሁ።

የርካሹ ክፍል መስኮት ወደ ደቡብ ያያል። ደላላው «ፀሐይ እንደ ልብ ነው» ይላል። በአቅጣጫው አልዋሸም። በእኛ አገር ከመስከረም ጀምሮ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ያዘነበለች ናት፤ በጋውም ያኔ ስለሆነ ደቡብ የሚያይ መስኮት የጠራ ሰማይ ፀሐይ ያገኛል። ወደ ሰሜን የምታዘነብለው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ነው፤ ያኔ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደመና ይጋርዳታል።

ችግሩ አቅጣጫው ሳይሆን ፊት ለፊት የቆመው ግድግዳ ነው። የጎረቤት ግድግዳ ከመስኮቱ 1 ሜትር ተኩል ርቆ 4 ሜትር ከፍ ብሏል። በታኅሣሥ ቀትር ላይ የፀሐይ ጨረር አንድ ሜትር ወደ ፊት በሄደ ቁጥር 1.6 ሜትር ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ከግድግዳው ጫፍ ተነሥቶ መስኮታችን ጋ እስኪደርስ 2.4 ሜትር ይወርዳል፤ ከወለሉ 1.6 ሜትር በታች ያለው የመስኮቱ ክፍል በሙሉ ጥላ ነው ማለት ነው። ከላይ ደግሞ የጣሪያው ክፍክፍ ግማሽ ሜትር ወጥቷል፤ ከፍታው 2.5 ሜትር ስለሆነ ጥላው እስከ 1.7 ሜትር ይወርዳል። በሁለቱ ጥላዎች መካከል ለፀሐይ የተረፈው ከ10 ሳንቲሜትር የማይበልጥ መስመር ነው። በሌሎቹ ወራት ፀሐይዋ ከፍ ስትል መስመሩ ወደ ታች እየወረደ ይሰፋል፤ በጣም ከፍ ስትል ግን ክፍክፉ ሙሉ በሙሉ ይጋርደዋል።

አንዷ እህታችን «ግድግዳውን ኖራ ብንቀባውስ?» ብላ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እዚህ ግን ብዙ አይጠቅምም። መስኮታችን ደቡብ ካየ፣ እኛን የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፤ በበጋ የቀትር ፀሐይ አይነካውም፤ ነጭ ቢሆንም የሚመልሰው ጥቂት ነው። መስኮቱ ሰሜን ቢያይና ፊት ለፊቱ ትንሽ ራቅ ያለ ነጭ ግድግዳ ቢኖር ኖሮ፣ ግድግዳው በጋውን ፀሐይ እየመታው ለስፌት የሚስማማ ለስላሳ ብርሃን በመለሰልን ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ወደ ምሥራቅ ያያል። አጥሩ 2 ሜትር ቁመት አለው፣ ከመስኮቱም 3 ሜትር ይርቃል። የመስኮቱ የታችኛው ጫፍ ከወለል 1 ሜትር ስለሆነ አጥሩ የሚበልጠው በ1 ሜትር ብቻ ነው። በታኅሣሥ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ አጥሩን ተሻግራ ትገባለች፤ ክፍክፉ እስኪጋርዳት ድረስ እስከ 5 ሰዓት ገደማ ትቆያለች። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ራሷ ባትገባም ከአጥሩ በላይ ሰፊ ሰማይ ስለሚታይ ብርሃኑ አይጠፋም። በክረምትም ብዙ ጊዜ ደመናው የሚጠነክረው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የጠዋት መስኮት ይሻለናል።

አንድ ነገር ግን አለ፤ የዚህ ክፍል መስታወት ቡናማ ነው። ተራ ንጹሕ መስታወት ከሚያርፍበት ብርሃን ከአሥር ዘጠኙን ያህል ያሳልፋል። ቀለም ያለው ወይም ከውጭ እንደ መስታየት የሚያንጸባርቀው ግን ግማሹን፣ አንዳንዱም ከዚያ የሚበልጠውን ያስቀራል። እኔ የሞከርኩት እንዲህ ነው፦ መስኮቱን ግማሽ ከፍቼ፣ አንዱን ነጭ ወረቀት በተከፈተው በኩል፣ ሌላውን በመስታወቱ በኩል ብርሃን እንዲያርፍበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። በመስታወቱ በኩል ያለው ወረቀት ሻይ የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ለስፌት ይህ ብርሃን ከመቀነሱም በላይ የክርና የጨርቅ ቀለም ያሳስታል። አከራዩ መስታወቱን በንጹሕ ለመቀየር ተስማምተዋል፤ ወጪውን እኛ ከፍለን ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ይቀነስልናል። ውሉ ላይ ይጻፍ ብያለሁ።

አቅጣጫውን በስልክ ኮምፓስ ስትለኩ ከመስኮቱ ብረትና ከቆርቆሮ ራቅ በሉ፤ መርፌው ይዞራል። ክፍል ስታዩም አምፖሉን አስጠፉ። መቀመጫው ላይ ተቀምጣችሁ፣ ስፌት መኪናው በሚቆምበት ከፍታ አንገታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ በመስኮቱ ተመልከቱ፤ ሰማይ ካልታያችሁ እዚያ ቦታ የሚደርሰው ከግድግዳ የተመለሰ ብርሃን ብቻ ነው። በርካሹ ክፍል ውስጥ ሰማይ የታየኝ መስኮቱ ሥር ብቻ ነው። በምሥራቁ ክፍል አራቱም መኪናዎች የሚቆሙበት ቦታ ላይ ሰማይ ይታያል፤ የማይታየው ከኋላው ጥግ ነው፤ እዚያ ካውያውንና የጨርቅ መደርደሪያውን እናደርጋለን።