መብረቅ ሲመጣ የሚነቀለውና የማይነካው
(በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ በሰፈራችን የኤሌክትሪክ ሥራ የምንሠራ አባላት ዛሬ ለመናገር የተነሣነው ባለፈው ክረምት በአንዲት እናታችን ቤት በደረሰው ጉዳት ምክንያት ነው። እማማ ነጎድጓድ ሲሰሙ የማከፋፈያውን ማጥፊያ አጥፍተው ተቀመጡ። መብረቁ የወደቀው ከመንገዱ ማዶ ባለው ባሕር ዛፍ ላይ ነበር። ቴሌቪዥኑና ሪሲቨሩ ግን አብረው ተቃጠሉ። «አጥፍቼው የለም እንዴ፣ ልጆቼ?» ሲሉ ጠየቁን።

ሪሲቨሩን ከፍተን ስናይ የጠቆረው የዲሹ ገመድ የሚገባበት በኩል ነው። መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ በረዣዥም ሽቦዎች ላይ ድንገተኛ ኃይል ያሳድራል። ወደ ቴሌቪዥኑ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ሁለት ነው፤ አንዱ የመብራቱ መስመር፣ ሌላው የዲሹ ገመድ። ማጥፊያው የሚከፍተው ክፍተት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ከደመና እስከ መሬት የዘለለውን ኃይል አያግደውም። ስለዚህ ሶኬቱም የዲሹም ገመድ መነቀል አለባቸው፤ የተነቀለውም የገመድ ጫፍ ከዕቃው ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ዋናው ነገር ግን ጊዜው ነው። ብልጭታው ከታየበት እስከ ድምፁ ድረስ ቁጠሩ፤ በየሦስቱ ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 30 ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነው፤ ያን ጊዜ ለመንቀል ረፍዷል። በዚያ ሰዓት ገመድ የሚነቅል ሰው ራሱ መተላለፊያ ይሆናል። ዕቃው ይቃጠል እንጂ እጅ አይግባ! ባለ ሽቦ ስልክ አታንሡ፤ ሞባይልም ቻርጅ ላይ እያለ አትያዙ፤ ከቻርጀር ከተለየ ግን ቤት ውስጥ ቢያነጋግሩበት ችግር የለውም። ቧንቧ ላይ አትታጠቡ። ዲሽ ለማስተካከል ጣራ ላይ መውጣትማ አይታሰብም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

የዲሹ ብረት ከመሬት ይያያዝ። 16 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ከብረቱ ተነሥቶ፣ በአጭሩና ሳይጠማዘዝ፣ የቤቱ መብራት ከተያያዘበት ከዚያው ግራውንድ ጋር ይገናኝ። አንዳንዶች ለዲሹ ለብቻው ሌላ ዘንግ ይቀብራሉ፤ ሁለቱ ዘንጎች በሽቦ ካልተያያዙ ግን መብረቅ ሲወድቅ በመካከላቸው የሚፈጠረው የኃይል ልዩነት በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያልፋል። በትክክል የተያያዘውም ቢሆን ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ ዕቃውን አያድንም፤ መንቀሉ አይቀርም።

እማማ አሁን ሰማዩ ጠቆር ሲል፣ ገና ነጎድጓድ ሳይሰማ፣ ሁለቱንም ይነቅላሉ። ከቤት ሲወጡም ነቅለው ነው። እኛም ግራውንዱን ለማየት ክረምቱ ሳይገባ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ በየቤታችሁ እንመጣለን።