ስለሚረጋና ስለማይረጋ ዘይት የተነገረ ንግግር



በኅዳር ወር ሌሊቱ እጅግ በሚበርድበት በደብረ ብርሃን አንዲት የቤት እመቤት ማልዳ የዘይቱን ጀሪካን ብታነሣ፥ ከገበያ በተገዛ ጊዜ እንደ ውሃ ይፈስ የነበረው ዘይት እንደ ቅቤ ረግቶ ታገኘዋለች። በአጠገቡ በጠርሙስ የተቀመጠው የኑግ ዘይት ግን በዚያው ብርድ አድሮ እንደ ወትሮው ይፈሳል። ስለዚህ ነገር በየመንደሩ ብዙ ይወራል፤ አንዳንዱ የረጋውን ሻማ ተቀላቅሎበታል ይላል፥ አንዳንዱም ተበላሽቷል ብሎ ይደፋዋል። መርጋቱ ብቻውን የተንኰልም የብልሽትም ምልክት አይደለም፤ ዘይቱ ከምን ዐይነት ስብ እንደ ተሠራ የሚናገር ምልክት ነው እንጂ።

ማናቸውም ስብ፥ የቅቤም ኾነ የዘይት፥ ካርቦን የሚባለው ንጥረ ነገር ተያይዞ እንደ ሰንሰለት ከሠራቸው ረጃጅም ዘንጎች የተገነባ ነው። በየካርቦኑ ጎን ሃይድሮጅን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይያያዛል። ካርቦኖቹ ኹሉ ሊይዙ የሚችሉትን ያህል ሃይድሮጅን የያዙ እንደ ኾነ፥ ያ ስብ የጠገበ ስብ ይባላል። በሰንሰለቱ መካከል ሃይድሮጅን የጎደለበት ስፍራ ቢኖር ግን ያልጠገበ ስብ ይባላል። የጠገበው ሰንሰለት ቀጥ ያለ ነው፤ ያልጠገበው በጎደለበት ስፍራ ይጎብጣል። ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ አጣና ሲከመር ተጠጋግቶ ይደላደላል፤ የጎበጠና የተጣመመ እንጨት ግን ቢከምሩት ክፍተት እየተወ አይደላደልም። እንዲሁም የጠገበው ስብ በመጠነኛ ብርድ ተጠጋግቶ ይረጋል፥ ያልጠገበው ግን ፈሳሽ እንደ ኾነ ይቀራል።

ንጹሕ የጠገበ ወይም ንጹሕ ያልጠገበ ዘይት በወጥ ቤት አይገኝም፤ ኹሉም የሁለቱ ድብልቅ ነው፥ ልዩነቱም በመጠኑ ነው። ከ100 ግራም ንጥር ቅቤ ውስጥ 60 ግራም ያህሉ የጠገበ ስብ ነው። ፓልም ከሚባለው የዘንባባ ዐይነት ዛፍ ፍሬ ከሚጨመቀውና ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ዘይት 50 ግራም ያህሉ የጠገበ ነው። ከኑግ ዘይት ግን የጠገበው 15 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ የሰሊጥም ዘይት ለኑግ የቀረበ ነው።

ይህ ልዩነት ለጤና የሚያስከትለው ነገር እንዲህ ነው። በሰው ደም ውስጥ ኮሌስትሮል የሚባል ስብ መሰል ነገር አለ፤ ሰውነት ያለ እርሱ አይኖርም፥ ጉበትም ራሱ ይሠራዋል። ሲበዛ ግን ጉበት ከደም ውስጥ መልሶ ያነሣዋል። የጠገበ ስብ አዘውትሮ የሚበላ ሰው ጉበቱ ይህን የማንሣት ኀይል ይቀንስበታል፤ የተረፈውም ኮሌስትሮል ከዓመት ወደ ዓመት በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ እየተከማቸ መንገዱን ያጠባል። የጠበበው የልብ ደም ሥር በድንገት የተዘጋ እንደ ኾነ ልብ ይታመማል፤ የአንጎሉ የተዘጋ እንደ ኾነ የሰውነት ግማሹ ሽባ ይኾናል፥ አንደበትም ይያዛል። አብዛኛውን ጊዜ እስከዚያ ቀን ድረስ ሕመም አይሰማም፤ ስለዚህ ሰው ጕዳቱን ከወጡ ጋር አያገናኘውም።

በዚህ ነገር ሁለት ስሕተቶች በብዛት ይገኛሉ። የመጀመሪያው፥ የጾም ምግብ የኾነ ኹሉ ለልብ የቀለለ ነው ማለት ነው። የፓልም ዘይት ከዛፍ ስለ ተገኘ በእውነት የጾም ነው፤ ነገር ግን እኩሌታው የጠገበ ስብ ስለ ኾነ በደም ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከኑግ ይልቅ ለቅቤ ይቀርባል። ሁለተኛው ስሕተት፥ በዕቃው ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» የሚል ጽሕፈት ሲታይ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ጽሕፈቱ አልዋሸም፤ ከዕፀዋት የተጨመቀ ዘይት ኹሉ ይህን ያህል የሚቈጠር ኮሌስትሮል የለውም። ነገር ግን በደም ውስጥ ኮሌስትሮልን የሚያበዛው በዘይቱ ያለው የጠገበ ስብ ነውና፥ ሊነበብ የሚገባው የጠገበው ስብ መጠን ነው።

አሁን የአንድ ቤት ሒሳብ ይታይ። አምስት ሰዎች ያሉበት ቤተ ሰብ ለአንድ ገበታ ሽሮ ወጥ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨምራል እንበል። አንዱ ማንኪያ 14 ግራም ያህል ስለሚይዝ ጠቅላላው 70 ግራም ነው። ዘይቱ የፓልም ቢኾን የጠገበው ስብ 35 ግራም ነው፤ ለአምስት ቢካፈል ለያንዳንዱ 7 ግራም ይደርሰዋል። ምሳና ራት እንዲህ ከተበላ 14 ግራም ይኾናል። ዘይቱ የኑግ ቢኾን ግን በቀን ለያንዳንዱ የሚደርሰው 4 ግራም ያህል ብቻ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው መመሪያ ከምግብ ኀይል ውስጥ ከጠገበ ስብ የሚገኘው ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ መክሯል፤ ይህም በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 22 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ በፓልም ዘይት የሚሠራ ቤት ወተቱና ሥጋው ሳይቈጠር ከመጠኑ ሁለት ሦስተኛውን በወጥ ዘይት ብቻ ያደርሳል።

የኑግ ዘይት ዋጋው ለከበደበት ቤት ሌላ መንገድ አለ። ሽንኩርቱን በመጀመሪያ ያለ ዘይት፥ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማቁላላት፥ ዘይቱንም በኋላ ከጀሪካኑ ሳያንቈረቍሩ በማንኪያ እየሰፈሩ መጨመር ነው። በላይኛው ቤት 5 ማንኪያው 3 ቢኾን፥ ከፓልሙ ዘይት በቀን ለያንዳንዱ የሚደርሰው የጠገበ ስብ ከ14 ግራም ወደ 8 ግራም ተኩል ገደማ ይወርዳል። ቅቤም ለበዓል ቢቈይ ጥቅም እንጂ ጕዳት የለውም።

የኑግ ዘይትም የራሱ ድካም አለው። በሰንሰለቱ ሃይድሮጅን የጎደለበት ስፍራ ለአየር የተጋለጠ ነውና፥ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ቶሎ ይሻግታል። ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ እየተገዛ፥ ክዳኑ ተጠብቆ፥ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። የሚከረክር ሽታና ምላስን የሚይዝ መራራ ጣዕም ካመጣ አይበላም። ብስኩት የተጠበሰበትም ዘይት ከጠቈረ፥ አረፋው ካልከሰመ ወይም እንደ ሙጫ ከተጣበቀ ዳግመኛ አይጠበስበት።

ደግሞ ልከኛው ነገር አይረሳ። የጠገበውም ያልጠገበውም ስብ የሚሰጠው ኀይል እኩል ነው፤ ስለዚህ ኑግ ጥሩ ነው ተብሎ ያለ ልክ ቢፈስ ውፍረትን ያመጣል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃንና የከሳ ልጅ ግን ስብ እጅግ ያስፈልጋቸዋልና፥ ይህ ንግግር ከገበታቸው ዘይት ለመቀነስ ምክንያት ሊኾን አይገባም።

መምህራን ይህን ለልጆች በዐይን ለማሳየት ቢፈልጉ፥ በሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች የፓልምና የኑግ ዘይት ጨምረው በብርድ ሌሊት በደጅ ያሳድሩ፤ ጧት የትኛው እንደ ረጋ ልጆቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። በድሬዳዋና በመሰለው ቈላ ግን የፓልሙም ዘይት ሳይረጋ ሊያድር ይችላል፤ የጠገበው ስብ መጠን ያው ነው፥ ሙቀቱ ሸሸገው እንጂ። በዚያ አገር ያሉ ሰዎች ዘይቱ አለመርጋቱን አይተው አይመኑ፤ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ስም ያንብቡ፥ ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም ያንብቡለት።