ከልመና ወደ አቤቱታ፦ የአንዲት ስደተኛ ሠራተኛ መልእክት



የዛሬው ንግግሬ መነሻ የማኖርበት ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። አንዲት ጎረቤቴ፣ ልጃቸው በሳዑዲ ዓረቢያ በቤት ሠራተኝነት ተቀጥራ፣ ለላካት ኤጀንሲ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የጻፈችውን መልእክት በስልካቸው አሳዩኝ። እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ፣ ከኅዳር ወዲህ ምንም አልሰጡኝም። ማዳም ለእህቷም ቤት ታሠራኛለች። ወገቤን አመመኝ። በእናትህ አንድ ነገር አድርጉልኝ።» የደረሳት መልስ «አይዞሽ፣ ታገሺ» የሚል ነበር።

መልሱ ጭካኔ ብቻ አይደለም። ልመና የሚያስገኘው ማጽናኛ ነው፤ አቤቱታ ግን መልስ ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲውን ለውሉ መጣስ ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ ልጅቱ ውለታ ሳይሆን መብቷን ነው የምትጠይቀው።

ውሉን አስመጥተን መልእክቱን ከአንቀጾቹ ጋር አስተያየን። የመጀመሪያው ችግር «ከኅዳር ወዲህ» የሚለው ነበር። ውሉ የሚቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በዚያ ዓመት ኅዳር 1 ቀን ኖቬምበር 11 ላይ ውሏል። የኦክቶበር ደመወዝ ተከፍሏት እንደሆነ እናትየው ደውለው ጠየቋት፤ «ተከፍሎኛል» አለች። የወር ደመወዟ 1,000 ሪያል ስለሆነ አቤቱታው እንዲህ ተጻፈ፦

«የኖቬምበርና የዲሴምበር 2023 እንዲሁም የጃንዋሪ 2024 ደመወዜ፣ በድምሩ 3,000 ሪያል፣ አልተከፈለኝም። በውሌ ካልተጠቀሰ ሌላ ቤት እንድሠራ ታዝዣለሁ። የወገብ ሕመም ስለገጠመኝ ሕክምና እንዳገኝ እጠይቃለሁ። ደመወዜ እንዲከፈለኝ፣ የሌላ ቤት ሥራው እንዲቆም፣ የወሰዳችሁት እርምጃም በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ አመለክታለሁ።»

ውሉና የመልእክቶቹ ቅጂ ተያይዘው፣ ግልባጩ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተላከ።

ማዳም ደመወዙን «ለቤተሰቧ ልኬዋለሁ» ብላ ብትከራከር መልሱ ከእናትየው የባንክ መግለጫ ይገኛል፤ እኛም አስቀድመን አያይዘነዋል። ሌላው አደጋ ከእኛ ከጸሐፊዎቹ የሚመጣ ነው። «ታሠራኛለች» የሚለውን «በግዳጅና በድብደባ» ብለን ብናጋንነው፣ ልጅቱ ስትጠየቅ የማትናገረውን ቃል እናስቀምጥባታለን፤ ያኔ እውነተኛው ክስም ይጠረጠራል። በዚህ ምክንያት ጽሑፉን ከመላካችን በፊት በድምፅ መልእክት አንብበንላት፣ «አዎ፣ ይሄው ነው» ያለችበትን ድምፅ አስቀመጥን። የመጀመሪያ መልእክቷም አልተሰረዘም፤ ቀኑን የሚመሰክረው እሱ ነውና።

ኤጀንሲው በዘጠነኛው ቀን በጽሑፍ መልስ ሰጠ፤ የሁለት ወር ደመወዝም ተላከ። ሦስተኛው ወር እስካሁን በክርክር ላይ ነው። ወረቀቱ ያስገኘው ይህን ያህል ነው፤ «ታገሺ» ግን ከዚያ በኋላ በቂ መልስ መሆኑ ቀረ።