ከዓይን ጀርባ የሚጫን ሕመም፦ ሳይነስ ነው ወይስ ማይግሬን?



ዛሬ የምናገረው ከመካከላችሁ ብዙዎች በራሳችሁ ላይ ስላያችሁት ሕመም ነው። አፍንጫ ይደፈናል፤ ከዓይን በስተጀርባ የሚጫን ነገር ይመጣል፤ ሰው ጫማውን ለማሰር ሲያጎነብስ ዓይኑ ወደ ፊት የሚገፋ ይመስለዋል። አንዱ ይህን «ሳይነስ ነው» ይላል፤ ሌላው «ማይግሬን ነው» ይላል። ሁለቱም መድኃኒት ቤት ይሄዳሉ፤ ሁለቱም ክኒን ይዘው ይመለሳሉ።

በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ባለፉት ሃያ ዓመታት ወደ አንድ ወገን አዘንብለናል። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ሰፊ ጥናት «ሳይነስ ያመናል» ከሚሉ ወደ 3,000 ከሚጠጉ ሰዎች 88 ከመቶ የሚሆኑት የማይግሬን መስፈርት እንደሚያሟሉ አሳየ። ከዚያ ወዲህ «የሳይነስ ራስ ምታት የሚባል ነገር የለም» እስከ ማለት የደረሱ ሐኪሞች አሉ። ነገር ግን ጥናቱን ሥር ድረስ ላነበበው አንድ ነገር ይታየዋል። ትኩሳት ያለባቸው፣ መግል መሳይ ንፍጥ የሚወጣቸውና የሳይነስ ኢንፌክሽን ምልክት የታየባቸው ሰዎች ከመጀመሪያውኑ ከጥናቱ ውጪ ተደርገዋል። ስለዚህ ጥናቱ የሚነግረን ኢንፌክሽን ስለሌላቸው ሰዎች ነው። እውነተኛው የሳይነስ ሕመም ከዚያ ደጅ ውጪ ቆሞ ቀርቷል፤ እኔ ዛሬ የማወራው ስለ እርሱ ነው።

ሳይነስ የምንላቸው በፊትና በራስ ቅል አጥንት ውስጥ ያሉ አየር የሚመላለስባቸው ክፍሎች ናቸው። አራት ጥንድ ናቸው፦ በጉንጭ፣ በግንባር፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል፣ አራተኛው ደግሞ ከዓይኖች በስተጀርባ በራስ ቅሉ መሐል። ውስጣቸውን የሸፈነው ስስ ሥጋ ሁልጊዜ ጥቂት ንፍጥ ያመርታል። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች ያንን ንፍጥ ወደ አፍንጫ በሚወስደው ጠባብ ቀዳዳ በኩል ይጠርጉታል። የጉንጩ ሳይነስ ቀዳዳ ያለው ከታች ሳይሆን ከላይ በኩል ነው፤ አንገቱ ላይ እንደተበሳ እንስራ። ፀጉሮቹ ሥራቸውን ካቆሙ ውስጡ ያለው በራሱ ክብደት ፈስሶ አይወጣም።

ጉንፋን ሲይዘን የዚህ ቀዳዳ ዙሪያ ያብጣል፤ መንገዱም ይዘጋል። ውስጥ የቀረው አየር ቀስ በቀስ ወደ ደም ሥሮች ይመጠጣል፤ ግፊቱ ከውጪው አየር ያንሳል፤ ሥጋው ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ከዚያ ፈሳሽ ይሞላል። አውሮፕላን ሲወርድ አፍንጫው የተደፈነ ተሳፋሪ ግንባሩን ወይም የዓይኑን ጀርባ በድንገት የሚወጋው በዚሁ ምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ ከፍታ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ በመኪና የሚወርድ ጉንፋናም ሰውም ይህን ሊያውቀው ይችላል።

ታዲያ ሕመሙ ስለ ምን ከዓይን ጀርባ ይሰማል? በዓይኖች መካከል ያለው ሳይነስ ከዓይን ጉድጓድ የሚለየው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። መሐል ያለው ደግሞ የዓይን ነርቭ የሚያልፍበት መንገድ ጎረቤት ነው። የሁለቱንም ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው በዋናነት ትራይጀሚናል የተባለው ነርቭ የዓይን ቅርንጫፍ ነው፤ ይኸው ቅርንጫፍ ግንባርንና ዓይንንም ያገለግላል። አንጎል መልእክቱ ከየትኛው ጓዳ እንደመጣ አጥርቶ አይለይም፤ «ከዓይን ጀርባ» ብሎ ይተረጉመዋል።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ማይግሬንም በዚሁ ነርቭ ላይ ስለሚጫወት ነው። ማይግሬን ሲነሳ ነርቩ የአፍንጫን የደም ሥሮች እንዲያብጡ፣ ዓይንም እንዲያነባ ያደርጋል። ስለዚህ አፍንጫ መደፈን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የሚወጣው ንፍጥ ግን ይለያል፤ በማይግሬን ጊዜ የሚወጣው እንደ ውኃ የጠራ ነው። ወፍራም፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ መጥፎ ጣዕም ያለው ከሆነ ወደ ሳይነስ ያመለክታል። የማሽተት ኃይል መቀነስም እንዲሁ። ቡናው ሲቆላ ጭሱ እየታየው ሽታው የማይመጣለት ሰው አፍንጫው ውስጥ የምር የታገደ ነገር አለ።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔ የምተማመነው በጊዜ ነው። በሳይነስ ሕመም ራስ ምታቱና አፍንጫው አብረው ይሄዳሉ፦ አፍንጫው ሲብስ ራሱ ይብሳል፤ አፍንጫው ሲከፈት ራሱ ይቀላል። ዓለም አቀፉ የራስ ምታት መመደቢያም ከሚጠይቃቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው አብሮ መሄድ ነው። ማይግሬን ግን የራሱ ሰዓት አለው። መድኃኒት ካልተወሰደበት ከ4 እስከ 72 ሰዓት ቆይቶ ይሄዳል፤ በመካከሉ ሰውየው ፍጹም ጤነኛ ይሆናል፤ ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ሲመጣም ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ይመታል፤ ያቅለሸልሻል፤ ብርሃንና ጫጫታ ያስጠላል፤ ደረጃ መውጣት ያባብሰዋል፤ ሰው ጨለማ ክፍል ገብቶ መተኛት ይፈልጋል። የሳይነስ ሕመም ያለበት ሰው በአብዛኛው ጨለማ አይፈልግም፤ ሥራውን እየተነጫነጨ ይሠራል።

«አሞክሲሲሊን ወሰድኩና ተሻለኝ፤ ስለዚህ ሳይነስ ነው» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ማይግሬን በሦስት ቀን በራሱ ይሄዳል፤ ጉንፋን ያመጣው የሳይነስ እብጠትም አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ቀን ውስጥ በራሱ ይቀንሳል። በሁለቱም ጊዜ ክኒኑ ያልሠራውን ሥራ ይወደስበታል።

አንድ ታካሚ ላንሳ። ዕድሜው በሃያዎቹ መጨረሻ ያለ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። በክረምት ጉንፋን ያዘው፤ በአምስተኛው ቀን ተሻለው፤ በስምንተኛው ቀን ደግሞ ከበፊቱ ባሰበት። ሕመሙ ከግራ ዓይኑ ጀርባና አናቱ ላይ ነበር፤ ቀንና ሌሊት የማይለቅ፣ ንጋት ላይ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ። የአፍንጫ ኤክስሬይ ተነሥቶ «ንጹሕ ነው» ተባለ። ንፍጥም እምብዛም አይወጣውም ነበርና ማይግሬን ተብሎ ኤርጎታሚን ያለበት ክኒን ተሰጠው፤ ክኒኑ ምንም አልፈየደለትም። እናቱ በባሕር ዛፍ ቅጠል አጠኑት፤ ለአንድ ሰዓት ያህል አፍንጫውም ራሱም ቀለል አለው። ይህች አንድ ሰዓት ከኤክስሬዩ ይበልጥ ነገሩን ትናገር ነበር፤ የጠየቀው ግን አልነበረም።

እኔ ጋ ሲመጣ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ብርሃን አያስጠላውም፤ አላስመለሰውም፤ ደረጃ ቢወጣ ግድ የለውም፤ ሲያጎነብስና ሲያስል ግን ይብሰዋል። «ጉሮሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ይወርዳል፤ ጠዋት ጠዋት አፌ ይመረኛል» አለኝ። የመሐሉ ሳይነስ የሚከፈተው ወደ አፍንጫው የኋላ ጫፍ ነው፤ ይዘቱ በአፍንጫ ከመውጣት ይልቅ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ሰውየው መሐረቡ ደረቅ ሆኖ መግሉን ይውጣል። ቀጭን ካሜራ በአፍንጫው ሳስገባ ከፊት ያበጠና የቀላ ሥጋ ብቻ ታየ፤ ከኋላ ግን ቢጫ መግል ከላይ ሲወርድ ነበር። ሲቲ ስካኑ የግራውን የመሐል ሳይነስ ሙሉ በሙሉ የተሞላ አድርጎ አሳየ። ተራ ኤክስሬይ ይህን ቦታ በሚገባ አያሳይም። አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር፣ የስቴሮይድ የአፍንጫ ርጭትና የጨው ውኃ እጥበት ጀመርን። በአራተኛው ቀን ሌሊቱን ሳይነቃ አደረ። ባይሻለው ኖሮ ቀዳዳውን በካሜራ ከፍቶ ማፍሰስ ሊያስፈልግ ይችል ነበር።

ይህን ሰምታችሁ ሁላችሁም ነገ ሲቲ ስካን እንዳትጠይቁ እፈራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት ተራ ጉንፋን የያዛቸው ጎልማሶች ሲቲ ተነሥተው 87 ከመቶ የሚሆኑት የጉንጭ ሳይነሳቸው የታመመ ሆኖ ታይቶ ነበር፤ በድጋሚ ሲቲ ከተነሡት ውስጥ አብዛኞቹ ያለ አንቲባዮቲክም ጠራላቸው ወይም በጣም ተሻላቸው። ያበጠ ሥጋ በፎቶ መታየቱ የራስ ምታቱ ምክንያት እርሱ ነው ማለት አይደለም። ፎቶ የሚነሣው ታሪኩ ሲጠይቅ ነው፦ ሕመሙ ሳይለቅ ሲሰነብት፣ ከተሻለ በኋላ ሲገለበጥ፣ በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን። በአንድ ወገን ጉንጭና ዓይን ስር ሆኖ የሚሸት ንፍጥ ካለ ደግሞ የላይኛውን መንጋጋ ጥርስ መመርመር አይረሳ፤ የጥርስ ሥር ወደ ጉንጭ ሳይነስ በጣም ቅርብ ነው።

አንቲባዮቲክ የሚታሰበው ምልክቱ አሥር ቀን አልፎ ምንም ሳይሻሻል ሲቀር፣ ወይም እንደዚያ ወጣት ተሽሎ ሲብስ፣ ወይም 39 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከመግል ወይም ከፊት ሕመም ጋር ለሦስት ለአራት ቀን ሲቆይ ነው። ከዚያ በፊት የጨው ውኃ እጥበት ይበቃል፦ ፈልቶ በበረደ አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አዮዲን የሌለው ጨው። የቧንቧ ውኃ ሳይፈላ ወደ አፍንጫ አይገባም፤ በአፍንጫ በኩል ወደ አንጎል የሚደርስ አደገኛ ተዋሕሲ በውኃ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በመድኃኒት ቤት የሚሸጠውን አፍንጫ ከፋች ጠብታ ከሦስት እስከ አምስት ቀን በላይ አትጠቀሙ፤ ከዚያ በኋላ ጠብታው ራሱ አፍንጫውን የሚደፍን ይሆናል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምረው።

አንዳንድ ምልክቶች ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁም። የዓይን ሽፋን ካበጠ ወይም ዓይኑ ወደ ውጪ ከገፋ፣ ነገሮች ሁለት ሆነው ከታዩ ወይም እይታ ከደበዘዘ፣ አንገት ከደረቀ፣ ሰውየው ከተወናበደ፣ በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፤ መግሉ የሳይነሱን ግድግዳ አልፎ ሊሆን ይችላልና። ዓይኑ ቀልቶ በመብራት ዙሪያ ቀለበት የሚታየው ሰው ግን ሳይነስም ማይግሬንም ላይሆንበት ይችላል፤ የዓይን ውስጥ ግፊት በድንገት ሲጨምር እንዲህ ያደርጋልና እርሱ የሚሄደው ወደ ዓይን ሐኪም ነው፤ ያም በዚያው ቀን።