የወር አበባ ሊሄድ ሲል ለምን ይደጋገማል? ለምንስ ይበረታል?

የዛሬው ወጋችን ቡራዩ ላይ፣ አሸዋ ሜዳም ይሁን ገፈርሳ፣ ሴቶች ቡና አፍልተው ሲቀመጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለሚጨዋወቱት ጉዳይ ነው። ዕድሜዋ አርባን ተሻግሮ ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሴት የወር አበባዋ ሲዛባባት ለጎረቤቷ ትነግራለች። ጎረቤቷም «አይዞሽ፣ ሊሄድ ሲል እንዲህ ነው፤ ልታርጪ ነው» ትላታለች። ብዙ ጊዜ ጎረቤቷ ልክ ናት። እኔን የሚያሳስበኝ ልክ የማትሆንበት ጊዜ ነው። ማዮማውም፣ ያልታወቀው እርግዝናም፣ የማህፀን በር ካንሰሩም ያው ደም ሆኖ ነው የሚመጣው፤ «ልታርጪ ነው» ከተባለ ደግሞ ማንም አይፈልጋቸውም።

እስቲ አንዲት ሴት እናስብ። 46 ዓመቷ ነው፤ ሦስት ልጆች አሏት፤ አሸዋ ሜዳ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ደሟ የመጣበትን ቀን ግድግዳ ላይ በሰቀለችው ካላንደር በእስክሪብቶ ታከብባለች። ዕድሜዋን ሙሉ በየ28 ቀኑ ነበር የሚመጣው። ዘንድሮ ጥቅምት 4 መጣና አምስት ቀን ቆይቶ ሄደ። ጥቅምት 27 ተመለሰ። ከዚያ ኅዳር 20። ሁለቱም ጊዜ በ23 ቀን ነው የመጣው፤ መጠኑ ግን እንደ ወትሮው ነበር። ቀጥሎ ታህሣሥን ሙሉ ጠፋ። እሷም «በቃ ሄደልኝ» ብላ ሞዴስ መግዛት ተወች። ከ68 ቀን በኋላ፣ ጥር 28፣ ገበያ ላይ እያለች ድንገት መጣ። 13 ቀን ፈሰሰ። የረጋ ደም ነበረው፤ ማታ ማታ ሁለት ሞዴስ ደርባም አንሶላው አልተረፈም፤ ታክሲ ላይ ለመቀመጥ እንኳ ስለፈራች ገበያውን ተወችው።

ካላንደሩን ልብ ብሎ ላየው፣ እዚህ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። መደጋገሙ አንድ ነው፤ መብዛቱ ሌላ ነው።

ከመደጋገሙ እንጀምር። ሴት ልጅ ስትወለድ እንቁላሎቿን ሁሉ ይዛ ነው የምትወለደው፤ በኋላ አዲስ አይሠራም። አርባዎቹ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ናቸው። እነዚህ እንቁላሎች በደህናው ዘመን ወደ አንጎል መልእክት እየላኩ፣ አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ ከልክ በላይ እንዳትገፋፋቸው ይገቷታል። ቁጥራቸው ሲመናመን የሚገታት ይቀንሳል፤ እሷም አጥብቃ ትገፋለች፤ የወሩ እንቁላልም ከወትሮው ቀድሞ ይበስላል። እንቁላሉ ከወጣበት ቀን እስከ ደሙ ያለው ጊዜ ግን ብዙም አይለወጥም፤ ወደ ሁለት ሳምንት ነው። ስለዚህ የሚያጥረው የፊተኛው ግማሽ ብቻ ነው። የ28 ቀኗ ሴት በ23 ቀን ማየቷ ከዚህ የመጣ ነው። መጠኑ ካልተለወጠና በመሃል ጠብታ ከሌለው፣ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ለውጥ ነው። ከ21 ቀን ባነሰ ጊዜ እየደጋገመ መምጣት ከጀመረ ግን መታየት አለበት።

ጥር 28 የመጣው ደም ነገር ግን የተለየ ነው። ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ እንቁላል የማይወጣባቸው ወራት ይመጣሉ። የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚያሳድገው ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ነው። ዕድገቱን አቁሞ የሚያረጋጋው ደግሞ ፕሮጄስትሮን ነው፤ ፕሮጄስትሮን በበቂ መጠን የሚመነጨው እንቁላል ከወጣ በኋላ ብቻ ነው። በደህናው ወር ፕሮጄስትሮን ሲወርድ ሽፋኑ በአንድ ላይ ይለቅና በጥቂት ቀን ያልቃል። እንቁላል ባልወጣበት ወር ግን የሚያረጋጋ የለም። ኢስትሮጅን ብቻውን ለሳምንታት ሲያሳድገው ይከርምና፣ ሽፋኑ ራሱን መሸከም ሲያቅተው ዛሬ በዚህ በኩል፣ ነገ በዚያ በኩል ይፈርሳል። አንዱ ጎን ሲደርቅ ሌላው ይደማል። 68 ቀን ጠፍቶ 13 ቀን የፈሰሰው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

«ሊሆን ይችላል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ታሪኩ ቢገጥምም ሐኪም ሌላውን ሳያጣራ «የዕድሜ ነው» ማለት የለበትም። መጀመሪያ ግን ስንት ደም ነው ብዙ የሚባለው? ጤናማ የወር አበባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን ተደምሮ የቡና ስኒ ግማሽ ቢሞላ ነው፤ 30 ወይም 40 ሚሊ ሊትር። 80 ሲያልፍ፣ ማለትም ስኒዋ ጢም ስትል፣ ብዙ ይባላል። ቤት ውስጥ ሰፍሮ የሚያውቅ ስለሌለ በምልክቱ እንለየው። ሞዴስ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ መቀየር፣ ለመቀየር ብሎ ሌሊት መነሳት፣ ሁለት መደረብ፣ ከስምንት ቀን በላይ መቆየት። የረጋ ደምም ምልክት ነው። ማህፀን ደሙ እንዳይረጋ የሚያቀጥን ነገር ያመነጫል፤ ደሙ ከፈጠነበት ግን አይደርስበትም፤ ያኔ እየረጋ ይወጣል። ሞዴስ በአንድ ሰዓት እየሞላ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ስትነሳ ዓይኗ ከጨለመና ልቧ ከደለቀ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል መድረስ አለባት።

አሁን የአሸዋ ሜዳዋ እህታችን ጤና ጣቢያ ሄደች እንበል። የመጀመሪያው ምርመራ የሽንት ነው፤ እርግዝና። «በዚህ ዕድሜ?» ብላ ትደነግጥ ይሆናል። እንቁላል አንዳንድ ወር እስከወጣ ድረስ ይረገዛል፤ ሁለት ወር ጠፍቶ በብዛት የመጣ ደም ውርጃ ሊሆን ይችላል፤ ከማህፀን ውጪ ያለ እርግዝናም እንዲሁ ያደማል። ሁለተኛው ጥያቄ መከላከያ ነው። የሦስት ወሩ መርፌና ክንድ ላይ የሚቀበረው ደሙን ያዛባሉ፤ ሆርሞን የሌለው ሉፕ ደግሞ ያበዛዋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድም ሴት እንዳትደብቅ። አንገቷ ላይ እንቅርት ካለም ትናገር፤ የታይሮይድ ዕጢ ሲዳከም ደም ይበዛል።

ከዚያ ካላንደሩ ይመጣል። ካላንደር ላይ የማታከብብ ሴትም ቀኑን አታጣውም። ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም የትኛው እሑድ ከውጭ ቆማ እንዳስቀደሰች ታስታውሳለች፤ ሙስሊሟም ሶላት ያቆመችባቸውን ቀናት ታውቃለች። ይህንን ለሐኪሙ መንገር አያሳፍርም፤ ከብዙ ምርመራ ቀድሞ መንገዱን የሚያሳየው እሱ ነው። ቀኑን ጠብቆ እየመጣ በየወሩ የሚበዛ ደም፣ በተለይ ሆድን እየነፋ ወይም ሽንት ቶሎ ቶሎ እያስኬደ ከሆነ፣ ማዮማን ያስጠረጥራል፤ አልትራሳውንድ ያሳየዋል። ጊዜውን ስቶ፣ ጠፍቶ ጠፍቶ የሚጎርፈው ከእንቁላል አለመውጣት ጋር ይሄዳል።

ሦስት ዓይነት ደም ግን በዕድሜ ፈጽሞ አይመካኝም። አንደኛው በሁለት ወር አበባ መሃል የሚታይ ጠብታ ነው። ሁለተኛው ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ የሚመጣ ደም ነው። ይሄኛውን ሴቶቻችን ለባላቸውም ለሐኪምም ለመናገር ያፍራሉ፤ የማህፀን በር ካንሰር ግን ከሚታወቅባቸው ምልክቶች ዋነኛው ነው። በአገራችን ደግሞ በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚበዛው እሱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ልጠቁም። ጤና ጣቢያዎች ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ አላቸው፤ ያ ግን ምንም ስሜት ለሌላት ሴት የተዘጋጀ ነው። «ተመርምሬ ነፃ ነሽ ተብያለሁ» ያለች ሴት ከግንኙነት በኋላ ከደማች፣ ያለፈው ውጤት አይበቃም። ባለሙያው በመሣሪያ ከፍቶ የማህፀን በሩን በዓይኑ ማየት፣ የሚያጠራጥር ነገር ካለም ናሙና መውሰድ አለበት። ሦስተኛው፣ ሙሉ አንድ ዓመት ጠፍቶ የተመለሰ ደም ነው። 12 ወር ሳታይ የቆየች ሴት አርጣለች፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ፣ አንዲት ጠብታም ብትሆን፣ «ወር አበባዬ ተመለሰ» አይባልም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሽፋኑ መሳሳት ወይም ፖሊፕ ይሆናል። ከአሥር ሴቶች በአንዷ ገደማ ግን የማህፀን ካንሰር ይገኛል፤ በጊዜ የተገኘ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይድናል።

የኛዋ እህት ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም የለባትም፤ ግን 45ን አልፋለች። ፕሮጄስትሮን ሳያረጋጋው ለረጅም ጊዜ ያደገ ሽፋን ቀስ በቀስ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ የተዛባ ደም ያላት ሴት ከማህፀኗ ውስጥ ናሙና እንዲወሰድላት ይመከራል። ክብደት ወይም ስኳር ካለባት ይበልጥ ያስፈልጋታል። አልትራሳውንዱ ብቻውን አይበቃም። ሽፋኑ ገና በምታይ ሴት ላይ በየሳምንቱ ስለሚወፍርና ስለሚሳሳ፣ «ቀጭን ነው» መባሉ ዋስትና አይሆናትም። ናሙናው በቀጭን ቱቦ ይወሰዳል፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፤ ሲወሰድ ሆድን ይቆርጣል። ጤና ጣቢያው ከሌለው ሪፈር ይጻፋል፤ ከቡራዩ ለሚነሳ ሰው ቅርቡ ትልቅ ሆስፒታል ጳውሎስ ነው።

የደም ማነሷም ይለካ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ሄሞግሎቢን ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። ቡራዩ ግን ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ በእንዲህ ያለ ደጋ ለሚኖር ሰው መለኪያው ከአንድ ነጥብ በላይ ከፍ እንዲል የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ስለዚህ 12.3 የተጻፈበት ወረቀት ይዛ፣ ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «ደምሽ ጥሩ ነው» የተባለች ሴት፣ «ለቡራዩ ከፍታም ጥሩ ነው ወይ?» ብላ ትጠይቅ።

ናሙናው ደህና ከሆነ ሕክምናው ሰፊ ነው። በሚፈስባቸው ቀናት ብቻ የሚዋጥ ደም የሚቀንስ ክኒን አለ። የጎደላትን ፕሮጄስትሮን በክኒን ወይም ማህፀን ውስጥ በሚቀመጥ ሆርሞን ባለው ሉፕ መተካትም ይቻላል። ከዚያ ጋር የአይረን ክኒን ይታዘዛል። ቡናና ሻይ አይረኑን አስረው ስለሚያስቀሩ፣ ክኒኑን ከቡናው ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቃ ትዋጠው። ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጥ፤ የክኒኑ ነው። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም ሦስት ወር ያህል ትቀጥልበት፤ ደሙ ቢሞላም ሰውነት ያስቀመጠው አይረን ገና ባዶ ነው።