ስለ ሽቦ አልባው ማይክሮፎን የተነገረ ቃል
በሶዶ ቤተ ክርስቲያናችን የድምፅ መሣሪያ የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤

ገንዘባችን ጥቂት ስለ ሆነ፥ አስቀድመን ለሰባኪው አንድ ሽቦ አልባ ማይክሮፎን ብቻ እንድንገዛ አሳስባለሁ። ከመግዛታችንም በፊት ተውሰን፥ እሑድ ምእመናን በሞሉበት ሰዓት እንፈትነው፤ የሰው ገላ የሬዲዮውን ሞገድ ስለሚውጥ፥ በባዶ አዳራሽ ደኅና የሠራው በጉባኤ መካከል ሊቆራረጥ ይችላልና። ድምፁ የጠፋበትን ስፍራ ምልክት አድርገን፥ የተቀባዩን መሣሪያ አንቴና ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርገን ደግመን እንሞክር።

ዘማሪዎች በጆሮአቸው አግብተው ዜማቸውን የሚሰሙበት ማዳመጫ ግን ይቆየን። አንድ አስተላላፊ ለብዙ ዘማሪዎች ቢበቃም፥ እርሱ በተበላሸ ጊዜ ሁሉም በአንድነት መስማት ይሳናቸዋል። ስለዚህ ማዳመጫው በተገዛ ጊዜ እንኳ፥ በወለል ላይ ያለው ድምፅ ማጉያና ባለ ሽቦው ማይክሮፎን ከስፍራቸው አይነሡ።